«ገብቷል» ያለው ማን ነው?

የዛሬው ዝግጅታችን ሱቅ ለምትከፍቱ፣ ቁርስ ቤት ለምታስተዳድሩ፣ ልብስም ሆነ ጫማ ቤታችሁ ሆናችሁ ለምትሸጡ፣ ብቻ ከደንበኛ ገንዘብ በስልክ ለምትቀበሉ ሁሉ ነው። እርሳስና ወረቀት ካለ አቅርቡ፤ ሁለት ሦስት ቁጥሮች እነግራችኋለሁ።

መርካቶ ውስጥ ዘይት፣ ስኳርና ሩዝ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ አለች እንበል። ነገሩን ለማስረዳት ብዬ ያዘጋጀኋት ናት፤ የሚደርስባት ግን በየሱቁ የሚደርሰው ነው። ቀኑ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ገደማ። አንድ ጎልማሳ ሰው ገብቶ ዘይትና ስኳር አዘዘ፣ ሂሳቡ 7,850 ብር መጣ።

«እህቴ፣ ካሽ አልያዝኩም፤ ትራንስፈር ላድርግልሽ?»

«ይቻላል፤ የንግድ ባንክ ቁጥሬ ግድግዳው ላይ አለልህ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየ፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያም ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረ። «ተሳክቷል» የሚል ምልክት አለ። ሙሉ ስሟ አለ። የሂሳብ ቁጥሯ የመጨረሻ አኃዞች አሉ። 7,850 አለ። የዕለቱ ቀን አለ። ከታች በFT የሚጀምር የማጣቀሻ ቁጥር አለ። እሷም ጠንቃቃ ነጋዴ ስለሆነች በራሷ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ አነሳችው። ዕቃው ታክሲ ላይ ተጫነ። ማታ ሱቅ ስትዘጋ የባንክ ሂሳቧን ብታይ 7,850 ብር የሚባል ገቢ የለም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ደህና አድርጋ አላየችውም» ይላል። አይደለም፤ ደህና አድርጋ አይታዋለች። ስሙም፣ ቁጥሩም፣ ብሩም ልክ ነበር። ጉዳዩ የዓይን ጥራት አይደለም፣ የት ነው የታየው የሚል ነው። በደንበኛው ስልክ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር ደንበኛው ያመጣው ነገር ነው። የድሮ ደረሰኝ ስክሪንሾት ሊሆን ይችላል፣ ብሩና ቀኑ ተቀይሮ። የባንኩን መተግበሪያ መስሎ የተሠራ፣ ስምና የብር መጠን ሲሞሉት «ተሳክቷል» ብሎ የሚያሳይ የውሸት መተግበሪያም ሊሆን ይችላል። የኋለኛው በተለይ ያታልላል፤ ምክንያቱም ሰውየው ፊታችሁ ቆሞ ሲጽፍ፣ ሲጠብቅ፣ የምትሽከረከረዋ ምልክት ስትዞር ሁሉ ታያላችሁ። ስለዚህ «ስክሪንሾት አልቀበልም፣ ፊት ለፊቴ ሲልክ ግን አያለሁ» የሚለው ጥንቃቄ አይጠብቅም።

እስቲ እንዲህ ብለን እንጠይቅ። ይህ ሰው ሐሰተኛውን ደረሰኝ ሲያዘጋጅ ምን ምን ማወቅ አስፈለገው? ስሟን፤ ግድግዳው ላይ አገኘው። የሂሳብ ቁጥሯን፤ እሱም ግድግዳው ላይ ነው። ብሩን ራሷ ነገረችው። ቀኑንና ሰዓቱን ሁላችንም እናውቃለን። የደረሰኙን መልክ ማንኛውም አንድ ጊዜ ገንዘብ የላከ ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ ደረሰኙ ላይ ካለው ሁሉ እሱ ሊያውቀው የማይችለው አንድም ነገር የለም። እሱ ሊያውቀው የማይችለው ግን አንድ ነገር አለ። ከመክፈሉ በፊት በእሷ ሂሳብ ውስጥ ስንት ብር እንደነበረ። በዚያ ላይ የገባው ገንዘብ ሲደመር ስንት እንደሚሆንም እንዲሁ። ከደንበኛ የሚመጣ ማረጋገጫ ሁሉ ደንበኛው በሚያውቀው ነገር የተሠራ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ እሱ በማያውቀው ነገር የተሠራውን ነው። የዛሬውን ነገር በዚህች ክር ነው የምናያይዘው።

ባለሱቋ ከምሳ በፊት የመጨረሻውን መልእክት ስታይ ቀሪ ሂሳቧ 41,320 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር እንበል። ሰውየው በእርግጥ ቢከፍል ኖሮ ከባንኩ የሚመጣላት መልእክት ቀሪ ሂሳቧን 49,170 ብር ከ50 ሳንቲም ማድረግ ነበረበት፤ 41,320 ከ50 ላይ 7,850 ሲደመር ማለት ነው። አንዳንዱ አጭበርባሪ ብቻውን አይመጣም። ስክሪኑን እያሳየ ሳለ ግብረ አበሩ ከውጭ ሆኖ ባለሱቋ ስልክ ላይ የባንክ የሚመስል አጭር መልእክት ይልካል፤ ስልኳ ጢን ሲል «ይኸው ገባልሽ» ይላታል። መልእክቱ የባንኩን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ቃል በቃል ሊገለብጥ ይችላል። ቀሪ ሂሳብ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን መገመት አለበት። 12,600 ብሎ ይጽፋል፣ ወይም ዝም ብሎ ያልፈዋል። 49,170 ከ50 ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ መልእክት ሲመጣ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው የገባው ብር ላይ ሳይሆን ቀሪው ላይ ይሁን። የገባውን ብር እሱም ያውቀዋል።

ይህን ለማድረግ ቀሪ ሂሳባችሁን በቃል መያዝ አያስፈልግም። የቀደመው መልእክት ከላይ አለ፤ ሁለቱን ማነጻጸር ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ በዚሁ ምክንያት የባንክ መልእክታችሁን ለደንበኛ ከፍታችሁ አታሳዩ። «እስቲ ስልክሽን ስጪኝ፣ እኔ ላሳይሽ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ስልኩ ከእጃችሁ አይውጣ።

መልእክቱ ከማን እንደመጣ ማየትም ይረዳል። የቴሌብር መልእክት 127 ከሚል ላኪ ነው የሚመጣው፤ የንግድ ባንክ ደግሞ CBE ከሚል። ከ09 ወይም ከ07 የሚጀምር መደበኛ ስልክ ቁጥር «ገንዘብ ገብቶልዎታል» ካላችሁ ያ ባንክ አይደለም፣ ሰው ነው። ሌላም ቀላል ምልክት አለ፤ እውነተኛው መልእክት የድሮ የባንክ መልእክቶቻችሁ ከተደረደሩበት ክር ስር ይገባል። የውሸቱ ብዙ ጊዜ ለብቻው አዲስ ክር ይከፍታል። ግን ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት። የላኪን ስም አስመስሎ መላክ በቴክኒክ የሚቻል ነገር ስለሆነ የላኪው ስም ብቻውን መጨረሻ ሊሆን አይገባም።

አንድ ጥያቄ እዚህ ጋ ይነሳል። አንዳንድ ጊዜ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ መልእክቱ ይዘገያል። ከቀትር በኋላ የተላከ ማታ የደረሰበት ጊዜ አለ። መልእክቱ ሳይመጣ ገንዘቡ ሊኖር፣ መልእክቱ መጥቶ ገንዘቡ ላይኖር ይችላል ማለት ነው። አጭር መልእክት የበር ደወል ነው። ሰው መጥቶ ሊሆን እንደሚችል ይነግራችኋል፤ ማን እንደመጣ የምታውቁት በሩን ስትከፍቱ ነው። በሩ ደግሞ የራሳችሁ ሂሳብ ነው።

ሂሳባችሁን ለማየት ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ንግድ ባንክ የሞባይል ባንኪንግ አገልግሎት ካላችሁ *889# ብላችሁ ደውሉ። ቴሌብር ከሆነ *127# ነው። ጻፏቸው። የሚስጥር ቁጥራችሁን ካስገባችሁ በኋላ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ቀሪ ሂሳብንና የቅርብ ጊዜ የሂሳብ እንቅስቃሴን ታገኛላችሁ፤ ይህ ሁለተኛው በብዙዎቻችን አፍ ሚኒ ስቴትመንት የሚባለው ነው። እኔ ከቀሪ ሂሳብ ይልቅ ሚኒ ስቴትመንቱን እመርጣለሁ። ቀሪ ሂሳብ አንድ ድምር ነው፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው የሚከፍልበት ሱቅ ውስጥ ድምሩ የማንን ክፍያ እንደያዘ አይለይም። ሚኒ ስቴትመንቱ ግን እያንዳንዱን ገቢ ለየብቻ ያሳያል። ኢንተርኔት ካለ ደግሞ የራሳችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ ማየት ይበልጥ ይቀላል፤ ስታዩ ገጹን አድሱት፣ የቀድሞው ገጽ ተከፍቶ እንደቆየ ሊያታልላችሁ ይችላል።

ስታነቡ አንዲት ቃል ላይ ቆም በሉ። የባንኩ መልእክት በእንግሊዝኛ ከሆነ ለገባ ገንዘብ Credited ይላል፤ ለወጣ Debited። ደንበኛው ራሱ በእርግጥ የከፈለበትን፣ ግን ከእሱ ሂሳብ የወጣበትን መልእክት አሳይቷችሁ «ይኸው የባንኩ መልእክት» ሊል ይችላል። ምናልባት ዋሽቶም አይደለም። ግን ያ መልእክት የሚናገረው ስለ እሱ ሂሳብ ነው። ከእሱ መውጣቱ ወደ እናንተ መግባቱን አያረጋግጥም፤ ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይተን እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ወደዚያች ባለሱቅ ፎቶ እንመለስ። ማታ ፎቶውን አጉልታ ስታየው የማጣቀሻ ቁጥሩ FT25009 ብሎ ይጀምርና አምስት ፊደልና ቁጥር ይከተለዋል። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። FT ካለ በኋላ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጆቹን ዓመት ይነግራሉ፤ 25 ማለት 2025 ነው። ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከዚያ ዓመት ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ቀኑ ስንተኛው እንደሆነ ይቆጥራሉ። 009 ማለት ዘጠነኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 9፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2017። ሰውየው የመጣው ግን ጥር 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23። የዕለቱ ቁጥር FT25023 ብሎ መጀመር ነበረበት። ሰውየው ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረ ደረሰኝ ወስዶ ስሙን፣ ብሩንና ቀኑን ቀይሯል፤ ቁጥሩን ግን አልነካውም።

ይህን የምነግራችሁ ለማወቅ ያህል እንጂ እንድትታመኑበት አይደለም። ቁጥሩ የድሮ ከሆነ ለመጠርጠር በቂ ነው። ልክ ከሆነ ግን ምንም አላረጋገጠም፤ አጭበርባሪውም ቀን መቁጠር ይችላል። ማታ ዘግይቶ ወይም በበዓል ቀን የተላከም በአንድ ሁለት ቀን ሊዛነፍ ስለሚችል በዚህ ብቻ ሰው አትወንጅሉ። ሰዓቱንም ስታነቡ ተጠንቀቁ። ባንኮቹ የሚጽፉት በፈረንጆች የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 14:32 ካለ በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከ32 ደቂቃ ነው። ደረሰኙ 08:32 ካለና «ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፣ ልክ ነው» ካላችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለሌላ ሱቅ የተከፈለ ደረሰኝ አጽድቃችኋል።

አንዳንድ ደረሰኝ ላይ የሚቃኝ ካሬ ኮድ ወይም ሊንክ አለ። ይህም ከደንበኛው የመጣ ነገር መሆኑን አትርሱ። ኮዱ የሚወስዳችሁ ገጽ ባንኩን መስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከከፈታችሁት አድራሻውን ተመልከቱ፤ የንግድ ባንክ በ cbe.com.et፣ የቴሌብር በ ethiotelecom.et የሚያልቅ መሆን አለበት፣ ከ https:// ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያው እዝባር ወይም ሁለት ነጥብ በፊት ማለቴ ነው። ነገር ግን እውነት ለመናገር የራስን ሂሳብ ማየት ከዚህ ሁሉ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

አሁን ወደ ምሳ ሰዓት እንምጣ። ቁርስ ቤት ወይም ካፌ ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ሁለቱ ተመሳሳይ ምግብ በልተዋል፤ ሁለቱም 480 ብር ነው ያለባቸው። ካሸሯ ስልክ ላይ አንድ የ480 ብር መልእክት ይመጣል። ሁለቱም «የእኔ ነው» ይላሉ፣ ወይም ሁለቱም አሳይተው ይወጣሉ። እዚህ ላይ ቀሪ ሂሳቡም አያድንም፤ 480 በእርግጥ ገብቷልና። የሚለየው የማጣቀሻ ቁጥሩ ነው፤ በአንድ ሂሳብ ላይ ሁለት ክፍያዎች አንድ ዓይነት ቁጥር አይኖራቸውም።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ግን አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ካሸሯ ከራሷ ስልክ ቁጥሩን አታነብም። ደንበኛውን ትጠይቃለች፦ «ጋሼ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ይንገሩኝ?» እሱ ይነግራታል፣ እሷ ከራሷ መልእክት ወይም ስቴትመንት ጋር ታመሳክራለች። እሷ ቀድማ ካነበበችለት «አዎ እሱ ነው» ማለት ለማንም አያቅትም። ከተመሳከረ በኋላ አራቱን ፊደልና ቁጥር በደብተር ትጽፋለች፣ ከጎኑ ብሩን። አንድ ደረሰኝ ጠዋት ለካፌው፣ ከሰዓት ለዚያው ካፌ ሌላ አስተናጋጅ ሲታይ የሚይዘው ይህ ደብተር ነው። በእውነት የተከፈለን ደረሰኝ ሁለቴ የመጠቀም ዘዴ ከሐሰተኛው ይልቅ ለመያዝ ይከብዳል፤ ባንኩ ሲጠየቅም «አዎ፣ ተከፍሏል» ነው የሚለው።

እስካሁን ስናወራ ሻጩና የሂሳቡ ባለቤት አንድ ሰው እንደሆኑ አድርገን ነው። ብዙ ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ሂሳቡ በእሱ ስም፣ መልእክቱ በእሱ ስልክ። ሱቁ ውስጥ ያለችው ልጅ ከደንበኛው ስክሪን በቀር የምታየው ነገር የላትም። ደውላ «ጋሼ፣ 1,200 ገብቷል?» ትላለች፣ ስልኩ አይነሳም፣ ደንበኛው ይቸኩላል፣ እሷም ታሳልፋለች። ማታ ገንዘቡ ካልተገኘ ከደመወዟ ይቆረጣል። ይህ ልክ አይመስለኝም። ማየት የማትችለውን ነገር እንድታረጋግጥ አድርጎ፣ ሳታረጋግጥ ስትቀር መቅጣት ነው።

መፍትሔው ለእሷ ማያ መስጠት ነው እንጂ የባለቤቱን የሚስጥር ቁጥር መስጠት አይደለም። የሚስጥር ቁጥር ሰጥቶ ማሳየት ገንዘብ የማውጣት ሥልጣንንም መስጠት ነው። ከዚያ የሚሻለው ለሱቁ ለብቻው ሂሳብ መክፈት፣ የሚመዘገበውንም ስልክ ቁጥር በሱቁ ውስጥ የሚቆይ ማድረግ ነው። ቀን የሚገባው እዚያ ይገባል፤ ማታ ባለቤቱ ወደ ዋናው ሂሳቡ ያዛውረዋል። ሠራተኛዋ የምታየው የዚያን ቀን ገቢ ብቻ ነው፤ ስልኩ ቢጠፋም የሚጠፋው የአንድ ቀን ነው። ለነጋዴ የሚከፈት የቴሌብር መለያም አለ፤ ደንበኛው ለግል ስልክ ቁጥር ሳይሆን ለሱቁ መለያ ይከፍላል። ስትመዘገቡ ማሳወቂያው ባንኮኒ ላይ ላለው ሰው እንዴት እንደሚደርስ በግልጽ ጠይቁ፤ እሱ ካልተስተካከለ መለያው ብቻውን ይህን ችግር አይፈታም።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የመክፈያ ካሬ ኮድም የራሱ ጣጣ አለው። ሌላ ሰው በላዩ የራሱን ኮድ ሊለጥፍበት ይችላል። ደንበኞቻችሁ በቅንነት ይከፍላሉ፣ ስክሪናቸውም እውነት ነው፣ ገንዘቡ ግን የሚሄደው ለማታውቁት ሰው ነው። ጠዋት ስትከፍቱ በራሳችሁ ስልክ ቃኙትና የሚወጣው ስም የእናንተ መሆኑን እዩ፤ መክፈል አያስፈልግም፣ ስሙ እንደወጣ ማቋረጥ ይቻላል።

ይህ ወደ ቅን ደንበኞች ያመጣናል። ገንዘቡ አልገባም ማለት ሁልጊዜ ሰውየው ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ሻጭ ደህና ደንበኛ ያሳድዳል። ከአንድ ባንክ ወደዚያው ባንክ ሲላክ ሁለቱም ሂሳቦች አንድ ቤት ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይደርሳል። ከሌላ ባንክ ወደ እናንተ ባንክ ሲመጣ ግን መንገዱ ይረዝማል። የላኪው ባንክ ከደንበኛው ሂሳብ ይቀንሳል፤ ጥያቄው ባንኮች በጋራ ባቋቋሙት በኢትስዊች በኩል ያልፋል፤ የእናንተ ባንክ ይቀበልና ሂሳባችሁ ላይ ይጨምራል። ደንበኛው ስክሪን ላይ «ተሳክቷል» የሚለው የመጀመሪያው ደረጃ ሲያልቅ ሊወጣ ይችላል። መሃል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ የእሱ ብር ወጥቷል፣ የእናንተ አልገባም፤ ሁለታችሁም እውነት እየተናገራችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።

እንዲህ ሲሆን ገንዘቡን ሊከታተል የሚችለው የላኪው ባንክ ነው፣ ምክንያቱም የተቀነሰው ከእሱ ነው። እናንተ ባንካችሁ ሄዳችሁ «ያልገባልኝን ገንዘብ ፈልጉልኝ» ብትሉ የሚያዩት ነገር አይኖርም። ደንበኛው የማጣቀሻ ቁጥሩን ይዞ የራሱን ባንክ እንዲጠይቅ ንገሩት፤ ወይ ተስተካክሎ ወደ እናንተ ይደርሳል፣ ወይ ወደ እሱ ይመለሳል። እስከዚያ ዕቃው ስሙ ተጽፎበት ሱቅ ውስጥ ይቆይለት። ቸኩሎ በሌላ መንገድ ደግሞ ከከፈለና የመጀመሪያውም በኋላ ከገባ፣ ትርፉን ትመልሱለታላችሁ፤ ስልክ ቁጥሩን መያዝ ለዚህም ይጠቅማል።

የሂሳብ ቁጥር ሲጻፍ አንድ አኃዝ መሳሳትም አለ። 1,500 ብሎ 150 መላክም አለ። በሁለቱም የደንበኛው ስክሪን እውነተኛ ነው። የመጀመሪያውን ለመከላከል ከመላኩ በፊት «ማን የሚል ስም ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን የምታገኙት ያው ሂሳባችሁን ስታዩ ነው።

«ኔትወርክ የለም» የሚባልበት ቀን ይመጣል፤ *889#ም አይሠራም፣ መተግበሪያውም አይከፈትም። ያን ቀን ደንበኛው ስክሪን አሳይቶ ዕቃ ከወሰደ ያደረጋችሁት ነገር ሽያጭ አይደለም፣ ዱቤ ነው። ሰውየውን ታውቁታላችሁ? ለእሱ 7,850 ብር ዱቤ ትሰጡ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ስጡት፣ ዱቤ ደብተር ላይ ጻፉት፣ ገንዘቡ ሂሳባችሁ ላይ ሲታይ ሰርዙት። የተከፈለ ደብተር ላይ ግን አትጻፉት። መልሱ አይ ከሆነ ስክሪኑ መልሱን አይቀይረውም።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ቴክኒኩ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «አታምኚኝም እንዴ?» ሲል እጅ ይዛል። አጭበርባሪውም የሚሠራው በዚህ ነው፤ ታክሲ ቆሞብኛል ይላል፣ ይቆጣል፣ ሱቁ ሰው ሲሞላበት ይመርጣል። ለዚህ ንግግሩን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይረዳል። ባለሱቋ እንዲህ ብትል ኖሮስ፦

«ወንድሜ፣ እኔ ስክሪን አይቼ አላስረክብም፤ ለማንም ነው። አሁን በስልኬ አየዋለሁ፣ አንድ ደቂቃ ነው።»

«ይኸው እኮ ተሳክቷል ይላል!»

«በአንተ በኩል ተሳክቶ ይሆናል። እኔ ጋ ሲታይ ዕቃህን ራሴ ታክሲው ድረስ አወጣልሃለሁ።»

«ለማንም ነው» የምትለዋን አትተዉ። እሱን ለይታችሁ እንዳልጠረጠራችሁት የምትነግረው እሷ ናት። ከሂሳብ ቁጥሩ በታች «ዕቃ የምናስረክበው ገንዘቡ በእኛ ሂሳብ ላይ ሲታይ ነው» ብላችሁ ለጥፉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግድግዳው ማመልከት ይበቃል። ቅኑ ደንበኛ ይጠብቃል። ሌላው ብዙ ጊዜ «ካሽ ላምጣ» ብሎ ይወጣና አይመለስም፤ ይህም መልስ ነው።

ከተታለላችሁ በኋላስ? ባንክ መደወል ተገቢ ነው፤ የንግድ ባንክ የጥሪ ማዕከል 951 ነው፣ የቴሌብር 127። ግን ምን እንደምትጠብቁ ልንገራችሁ። በተሳሳተ ሂሳብ የገባ ገንዘብ ከሆነ ባንኩ የሚከታተለው ነገር አለው። ደረሰኙ ሐሰተኛ ከሆነ ግን የተንቀሳቀሰ ገንዘብ የለም፤ ባንኩ የሚመልሰው ነገር ስለሌለ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ክፍያ የለም» ብሎ ማረጋገጥ ነው የሚችለው። ያቺን ማረጋገጫ ግን አትናቋት፣ ለፖሊስ ትጠቅማለች። በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ማታለልና ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው። ስለዚህ ያነሳችሁትን የስክሪን ፎቶ አትደምስሱ፣ የውሸት መልእክት ደርሷችሁ ከሆነ የላኪውን ቁጥር ይዛችሁ አቆዩት፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ዕቃው የተጫነበትን መኪና ሰሌዳ ያየ ካለ ጠይቁ። ጎረቤት ሱቅ ካሜራ ካለው በዚያው ቀን ሂዱ፤ ብዙ ካሜራ ከጥቂት ቀን በኋላ በላዩ ላይ ይቀርጽበታል። ለጎረቤቶቻችሁም ንገሩ፤ አንድ ሱቅ ላይ የተሳካለት ሰው በዚያው ሳምንት ቀጥሎ ያለውን ይሞክራል።